ዝናቡ የት ሄደ? አንዲት አጭር ግጥም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስትመለስ

ስለ ግጥም ትርጉም በክፍል ውስጥ ስንወያይ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ «ትርጉሙ ቤት ይምታ ወይስ አይምታ?» በሚለው ጥያቄ ይጀምርና በዚያው ያበቃል። ከተማሪዎቹ ገሚሱ ቤት የማይመታ ነገር ግጥም አይባልም ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ቤት ለመምታት ሲባል ሐሳብ ከሚጠፋ ቤቱ ይቅር ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ለተርጓሚው ዋናው ፈተና ቤት መድፊያ ነው የሚለው እምነት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በሚደረግ ትርጉም ይህ እምነት ትክክል አይደለም ባይ ነው። በአማርኛ ቤት መድፊያ ርካሽ ነው። ውድ የሆነው ምጣኔው፣ ማለትም የስንኙ የቀለም ብዛትና የዕረፍቱ ቦታ ነው። አሳቡ የሚጠፋውም አብዛኛውን ጊዜ ቤት ሲፈለግ ሳይሆን የተረፈ ባዶ ቦታ ሲሞላ ነው። ይህን በአንዲት አጭር ግጥም ለማሳየት እሞክራለሁ። ግጥሚቱን መጀመሪያ ያበላሸኋት እኔው ስለሆንሁ ስሕተቱን ከውስጡ አውቀዋለሁ።

ግጥሚቱ አራት ስንኝ ናት። የጻፈቻት በዋሽንግተን አካባቢ ያደገች የአንድ ወዳጄ ልጅ ስትሆን፣ የተጻፈችው ለሞቱት አያቷ ነው። ልጅቱ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትጽፍም። አያትየው ገጠር ኖረው ገጠር ያረፉ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ነበሩ። ወዳጄ ግጥሚቱ ለሙት ዓመታቸው በአማርኛ እንድትነበብ ፈልጎ እንድመልስለት ጠየቀኝ። የእንግሊዝኛውን ቃል እንዳለ ከማስፈር ይልቅ የየስንኙን ፍቺ፣ ምንም ውበት ሳልጨምር፣ እንደሚከተለው አስቀምጣለሁ።

አንደኛው ስንኝ፦ ገጽ ማንበብ ከቶ አልተማርሽም፤
ሁለተኛው፦ ለዝናብ ሰማይን አነበብሽ።
ሦስተኛው፦ እኔ ቀኑን ሙሉ አነባለሁ፤ ሆኖም ቀና እላለሁ፣
አራተኛው፦ ሰማይንም በከንቱ እጠይቃለሁ።

የእንግሊዝኛው አሠራር ቀላልና የታወቀ ነው። አንደኛውና ሦስተኛው ስንኝ ስምንት ስምንት፣ ሁለተኛውና አራተኛው ስድስት ስድስት ቀለም አላቸው። በየስንኙ ቀለሙ አንዱ ቀሎ ቀጣዩ ከብዶ እየተፈራረቀ ስለሚሄድ ረጅሙ ስንኝ አራት፣ አጭሩ ሦስት ምት ይሰጣል። ቤት የሚመቱት ሁለተኛውና አራተኛው ብቻ ናቸው፤ «ሬይን» (ዝናብ) እና «ቬይን» (ከንቱ)። የእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን መዝሙሮችና የባላገር ተረክ ግጥሞች በብዛት የሚሄዱበት ስልት ነው፤ አሜሪካዊቷ ኤሚሊ ዲክንሰንም አብዝታ ተጠቅማበታለች። ጆሮው ለለመደ አንባቢ ይህ ስልት ብቻውን የመዝሙርና የቀብር ስሜት ይዞ ይመጣል።

ከምቱና ከቤቱ ሌላ በግጥሚቱ ውስጥ የተደበቀ አንድ ነገር አለ። «ማንበብ» የሚለው ግስ ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ ሦስቱንም ጊዜ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው በአንድ ዓይነት ፊደል ነው። ሲነበብ ግን አንደኛውና ሦስተኛው «ሪድ»፣ ያለፈ ጊዜን የሚያመለክተው የሁለተኛው ስንኝ ግስ ደግሞ «ሬድ» ይባላል። እንግዲህ የልጅቱና የአያቷ ንባብ በዓይን አንድ ሆኖ በጆሮ ይለያያል ማለት ነው። ግጥሚቱን የሚሸከማት ይህ ግስ ነው። አንዷ ገጽ ሳታነብ ሰማይ ታነባለች፣ ሌላዋ ገጽ እያነበበች ሰማይ ይሰወርባታል።

የመጀመሪያውን ትርጉም በአንድ ምሽት ጨረስሁት። አራት ስንኝ ስለሆነ አራት ስንኝ፣ የአማርኛ ግጥም የተለመደው መደብ የወል ቤት ስለሆነም በየወል ቤት፣ ማለትም በየስንኙ ስድስት ቀለም፣ ዕረፍት፣ እንደገና ስድስት ቀለም አድርጌ ጻፍሁት፦

የዋህ ቅን አያቴ ፊደል ሳታነቢ፣
የሰማዩን ምስጢር በልብሽ ታስቢ፤
እኔ ግን ተምሬ መጻሕፍት አንብቤ፣
ጥበብሽን ናፍቄ ይጨነቃል ልቤ።

በሙት ዓመቱ ላይ ተነበበ፤ ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም ደስ አለኝ። ከሳምንት በኋላ ልጅቱ አክስቷን በስልክ ጠይቃ የተነበበውን በቃል አስተረጎመችው። አክስትየዋ የነገሩኝ የልጅቱ መልስ አጭር ነበር፤ «ይሄ ጥሩ ነው፤ የኔ ግን አይደለም። ዝናቡ የት ሄደ?»

እውነትም ዝናቡ የለም። አራቱን ስንኞች ደግሜ ባነባቸው ዝናብ የሚል ቃል አጣሁ። ለተርጓሚ ከዚህ የበለጠ የሚያሳፍር ጥያቄ ያለ አይመስለኝም፤ የጠፋው ነገር የግጥሚቱ መካከለኛ ምሰሶ ነውና። መጀመሪያ ጥፋቱን በቤት መድፊያው ላከክሁ። «ታስቢ» የመጣችው «ሳታነቢ»ን ለመግጠም ነው፤ «ነበር» የሚል ረዳት አጥታ አንድ እግሯን አንጠልጥላ መቅረቷም ለዚሁ ነው። «ልቤ»ም የታወቀች ናት። በአማርኛ አንድ ስንኝ «ቤ» ብሎ ካበቃ «ልቤ» ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ነገር ግን ስሌቱን በእርጋታ ስሠራው ችግሩ ከዚህ ቀድሞ የጀመረ ሆኖ አገኘሁት።

ስሌቱ ይህ ነው። የእንግሊዝኛው ግጥም በጠቅላላው 28 ቀለም ነው። እኔ የመረጥሁት መደብ ደግሞ አራት ጊዜ 12፣ ማለትም 48 ቀለም ይፈልጋል። ስለዚህ ገና ብዕሬን ሳነሳ 20 ቀለም የሚሆን ባዶ ቦታ ፈጥሬያለሁ። ባዶ ቦታ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀመጥም። ስምንቱን ሐረጎች አንድ በአንድ ከምንጩ ጋር ባመሳክራቸው አራቱ ልጅቱ ያላለችው ሆነው ተገኙ፦ «የዋህ ቅን አያቴ»፣ «በልብሽ ታስቢ»፣ «ጥበብሽን ናፍቄ»፣ «ይጨነቃል ልቤ»። ይህ ከ48ቱ 24 ቀለም፣ ልክ ግማሹ ነው። ልጅቱ አያቷን የዋህ አላለቻቸውም፤ ልቤ ተጨነቀም አላለችም። እኔ ቦታ ሞላሁ፤ ቦታ የሚሞላ ሰው ደግሞ እጁ መጀመሪያ የሚገባው ቋንቋው ያከማቸው የለቅሶና የዘፈን ቃል ውስጥ ነው። ሴቶቹ ያለቀሱት ለዚያ ለሚያውቁት ቃል ነበር ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ አንባቢ «አማርኛ ቃሉ ረጅም ነውና 48 ቀለም አይበዛበትም» ይል ይሆናል። ግሱ በእርግጥ ይረዝማል፤ ነገር ግን ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን አንድ ላይ ጠቅልሎ ስለሚይዝ ብዙ ትንንሽ ቃላትን ያስቀራል። እንግሊዝኛው «አንቺ»ንና «እኔ»ን ሳይጠራ አይሄድም፤ እኛ በምዕላድ እንጨርሰዋለን። «ሳታነቢ» በምትለው ቃል ውስጥ አንቺም፣ አሉታውም፣ ንባቡም በአራት ቀለም ገብተዋል። ስለዚህ በአጭር ግጥም ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ለተመሳሳይ ሐሳብ የሚያወጡት ቀለም ያን ያህል አይራራቅም።

ስለ ቆጠራው አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ፤ ተማሪዎች ዘወትር የሚሳሳቱበት ነውና። የሚቆጠረው ፊደል አይደለም፤ ቀለም ነው። «ሰማይ» ሦስት ፊደል ሲሆን ሁለት ቀለም ነው፤ ሰ–ማይ። «ዝናብ»ም እንዲሁ ዝ–ናብ ነው። አናባቢ የሌላት ሳድስ ከፊተኛዋ ጋር ትዋሐዳለች። ጥርጣሬ ሲገባ ስንኙን ጮክ ብሎ በጣት እያስቆጠሩ ማንበብ እንጂ በወረቀት ላይ ፊደል መቁጠር አያዋጣም። አናባቢ ከአናባቢ ሲገናኝም ጆሮ አንዱን ሊውጠው ስለሚችል በተቻለ መጠን ከዚያ መሸሽ ይሻላል።

ወደ ስሌቱ ልመለስ። ባዶ ቦታው 20 ቀለም ከሆነ አጠር ያለ መደብ መፈለግ ነበረብኝ። በመጀመሪያ የታየኝ አራት አራት ቀለም ያለው ቡሄ በሉ ነው። በአራት ስንኝ 32 ቀለም ይሆናል፤ ለ28ቱ በጣም የቀረበ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች እንዲህ ወጡ፦

ገጽ ሳታውቂ ሰማይ አየሽ፣
ጉሙን አይተሽ ዝናብ ለየሽ።

ሐሳቡ ከሞላ ጎደል አለ፤ ዝናቡም ተመልሷል። ነገር ግን ጮክ ተብሎ ሲነበብ ልጆች ዱላ ይዘው ደጅ ላይ የሚጨፍሩ ይመስላል። ይህ የቀለም ቁጥር ጉዳይ አይደለም። እያንዳንዱ መደብ በኅብረተሰቡ ውስጥ የዋለበትን ቦታ ይዞ ይመጣል። የእንግሊዝኛው ስምንትና ስድስት የመዝሙር ትዝታ እንዳለው ሁሉ የእኛም አራት አራት የጭፈራ ትዝታ አለው። በቁጥር የቀረበው በስሜት በጣም የራቀው ሆነ። ከዚህም ሌላ «አነበብሽ» ረዝማ ስላልገባችልኝ «አየሽ» ብያለሁ፤ በዚህም ግጥሚቱን የሚሸከመው ግስ ተበጠሰ።

ምቱንስ እንዳለ፣ ቀላልና ከባድ እያፈራረቁ ማምጣት አይቻልም? ሞክሬው ነበር። በእንግሊዝኛ የቃል ጫና በግልጽ ይሰማል፤ ትርጉምም ይለያል። በአማርኛ ጫናው ደካማ ስለሆነ ግጥማችን በእርሱ ላይ አልተገነባም። የእኛ ምት የሚወለደው ከተመጣጠነ የቀለም ቁጥርና ከመካከለኛው ዕረፍት ነው። አማርኛውን አንዱን ቀለም እያጠበቁ አንዱን እያቀለሉ ለማንበብ ቢሞከር የሚወጣው የውጭ ሰው አማርኛ ነው። ስለዚህ ምት በምት አይመለስም፤ መመለስ የሚገባው ምቱ የሠራው ሥራ ነው።

ምቱ የሠራውን ሥራ ለማየት የእንግሊዝኛውን አራት ስንኝ በሌላ ዓይን መመልከት ረዳኝ። ቤት የሚመቱት ሁለተኛውና አራተኛው ብቻ ከሆኑ፣ አንደኛውንና ሁለተኛውን በአንድ መስመር፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን በሌላ መስመር ብንጽፋቸው ምን ይሆናል? ስምንት ቀለም፣ ዕረፍት፣ ስድስት ቀለም፣ ቤት መድፊያ፤ እንደገና ስምንት፣ ዕረፍት፣ ስድስት፣ ቤት መድፊያ። ይህ በወረቀት ላይ አራት ስንኝ ቢመስልም በጆሮ ሁለት ረጃጅም፣ በዕረፍት የተከፈሉ፣ ቤት የሚመቱ ስንኞች ነው። ይህን መልክ ደግሞ እናውቀዋለን። የወል ቤት ሁለት ስንኝ በትክክል እንዲህ ነው፦ አራት ሐረግ፣ ቤቱም በሁለተኛውና በአራተኛው ሐረግ መጨረሻ። የእንግሊዝኛው 28፣ የእኛ 24 ቀለም። እኔ የመስመር ቁጥርን ተከትዬ አራት የወል ቤት ስንኝ ስጽፍ ግጥሚቱን እጥፍ ለማድረግ ጥቂት ነበር የቀረኝ። ከመጀመሪያው ትርጉሜ የሌላትን ግማሽ ብናወጣ የሚቀረውም 24 ቀለም መሆኑ ያስገርመኛል።

በዚህ መካከል ሌላ አማራጭ ነበር። ሐረጉ ስምንት ቀለም የሆነው፣ በደራሲው ስም «ፀጋዬ ቤት» እየተባለ የሚጠራው መደብ በሁለት ስንኝ 32 ቀለም ይሰጣል። ከየወል ቤቱ ይልቅ ሰፊ ነው። ነገር ግን ረጅም እስትንፋስ የሚፈልግ፣ መድረክ ላይ የሚያምር መደብ ነውና ለአንዲት ልጅ ዝቅ ያለ ድምፅ ከበደብኝ። ቤቱንም ምጣኔውንም ትቶ መጻፍም ይቻል ነበር። በ1963 ዓ.ም. የታተመው የሰሎሞን ዴሬሳ «ልጅነት» ከተለመደው ቤትና ምጣኔ የወጣ ግጥም በአማርኛ ሊጻፍ እንደሚችል አሳይቷል። እዚህ ግን ምንጩ ራሱ ጥብቅ ምጣኔና ቤት አለው፤ አድማጮቹም በሙት ዓመት የተሰበሰቡ የገጠር ዘመዶች ናቸው። ለእነርሱ ያልተመጠነ ነገር ንግግር ነው።

እንግዲህ 24 ቀለም አለኝ። በውስጡ መግባት ያለባቸው ነገሮች አራት ናቸው፦ አያትየው አለማንበባቸው፣ ዝናቡን ማንበባቸው፣ የልጅቱ ማንበብ፣ የሰማዩ ዝምታ። ለእያንዳንዱ አንድ ሐረግ ይደርሰዋል። የመጀመሪያው ሐረግ ከድሮው ትርጉም ሳይነካ ተረፈ፤ «ፊደል ሳታነቢ»። ምንጩ «ገጽ» ነው የሚለው፤ ይሁን እንጂ በአማርኛ መሃይምነትን የምንለካው በገጽ ሳይሆን በፊደል ነው።

ሁለተኛው ሐረግ ላይ ብዙ ቆየሁ። መጀመሪያ የመጣው «ዝናብን አነበብሽ» ነበር፤ ስድስት ቀለም ይሞላል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ስለሚያስቀምጥ ስንኙ በ«ሽ» አበቃ። ቤት መድፊያ ርካሽ ነው ያልሁት እዚህ ላይ ይታያል። በ«ሽ»፣ በ«ሁ»፣ በ«ል» የሚያበቃ ግስ በሺህ ይቆጠራል፤ ተርጓሚው ምንም ሳይለፋ ቤቱ ይመታለታል፤ የሚገጥመው ግን ምዕላድ ከምዕላድ ነው እንጂ ሐሳብ ከሐሳብ አይደለም። ለተማሪዎቼ የምሰጠው መፈተኛ ቀላል ነው። ቤት መድፊያው ላይ ያለውን የባለቤት ወይም የአገናዛቢ ምዕላድ አንሡት፤ የሚቀረው ግንድ ከሌላው ግንድ ጋር አንዳች ግንኙነት ከሌለው ቤቱ መትቷል፣ ግጥሙ ግን ምንም አላተረፈም። በእንግሊዝኛው ዝናብና ከንቱ ነበሩ የገጠሙት፤ የግጥሚቱ ተስፋና ባዶነት በሁለቱ ቃላት ላይ ተቀምጠዋል። ይህን በ«ሽ» መመለስ ማጭበርበር ነው።

ስለዚህ ግሱን ከመጨረሻው ቦታ አንሥቼ ዝናብን መድፊያው ላይ አስቀመጥሁ፦ «አነበብሽው ዝናብ»። ይህ የቃላት ቅደም ተከተል በንግግር እንግዳ ቢሆንም በግጥም የተለመደ ነው። ከዚያ በ«ብ» የሚያበቃ ቃል ፍለጋ ስገባ ሳልፈልገው አንድ ነገር አገኘሁ። ዝናብና ማንበብ በአማርኛ አንድ ዓይነት ድምፅ ይጋራሉ፤ ሁለቱም ውስጥ «ነ» እና «ብ» አሉ። እንግሊዝኛው ዝናብን የገጠመው ከከንቱነት ጋር ነበር። አማርኛው ዝናብን ከንባቡ ራሱ ጋር መግጠም ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከግጥሚቱ ልብ አይርቅም። ሁለቱ ስንኞች እንዲህ ሆኑ፦

ፊደል ሳታነቢ አነበብሽው ዝናብ፤
ሰማይ ዝም ይለኛል ቀኑን ሙሉ ሳነብ።

ግሱ ሦስት ጊዜ ተመልሷል፦ ሳታነቢ፣ አነበብሽው፣ ሳነብ። ዝናቡ ከአንደኛው ስንኝ መጨረሻ ሆኖ በሁለተኛው መጨረሻ ላይ በልጅቱ ንባብ ውስጥ ያስተጋባል። በጆሮ ላይ አንዲት ጉድለት አለ። «ሳነብ» ላይ «ብ» ትጠብቃለች፤ «ዝናብ» ላይ ትላላለች። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማይለይ ዓይን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ጆሮ ግን ይለያቸዋል። የእንግሊዝኛው «ሪድ»ና «ሬድ» የሠሩትን ሥራ ይህ በሌላ በር እንደመለሰው ባይ ነኝ፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን ይህ ለስሕተት ማስተባበያ መፈለግ ነው ብሎኛል።

ይኸው ባልደረባዬ «አነበብሽው ዝናብ» ላይም ተከራክሮኛል። ተሳቢው በግሱ ላይ ከታመለከተ «ዝናቡን» መባል አለበት ነው የሚለው። በሰዋስው ደረጃ ልክ ነው። «ዝናቡን» ቢገባ ግን ሐረጉ ሰባት ቀለም ይሆናል፤ ቤቱም ይጠፋል። «አነበብሽው» ካሉ በኋላ ጥቂት ተቋርጦ «ዝናብ» ቢባል፣ ምን እንዳነበበች ዘግይቶ እንደመናገር ይሆናል፤ እኔ እንደዚያ እሰማዋለሁ። ለማንኛውም ይህ እያወቅሁ የከፈልሁት ዋጋ ነው። «ታስቢ» ግን ሳላውቅ የከፈልሁት ነበር።

ከሰዋስው የከበደ ሌላ ጥያቄ አለ። እንግሊዝኛ ሰማይን «ማንበብ» የተለመደ አነጋገር ነው። በአማርኛ ሰማይ ይታያል፣ ደመና ይመረመራል እንጂ አይነበብም። ስለዚህ ምንጩ ውስጥ ተራ የነበረው በትርጉሙ ውስጥ እንግዳ ዘይቤ ሆኗል። ቋንቋችን ለዚህ የራሱ መንገድ እንዳለው አልሳትሁም። እኛ ፊደል እንቆጥራለን፤ ኮከብም እንቆጥራለን፤ ወርና ዓመትም እንቆጥራለን። «ፊደል ሳትቆጥሪ ክረምቱን ቆጠርሽ» ብል፣ ምጣኔውን ለጊዜው ትተን፣ ድግግሞሹም ይጠበቃል፣ ማንም ገበሬ ሳይደነቅ ይረዳዋል። ለሁለት ቀን ያህል ይህን መርጬ ነበር። የተውሁት በአንድ ምክንያት ነው። ክረምት የሚቆጥር ሰው ቀን ያውቃል፤ ሰማይ የሚያነብ ሰው ምልክት ያውቃል። ልጅቱ በስልኳ ላይ ቀን መቁጠሪያ አላት፤ የሌላት ምልክቱ ነው። ውብ የሆነው አማርኛ የግጥሚቱን ቁም ነገር ይቀይርብኛል፤ ስለዚህ እንግዳውን ዘይቤ መረጥሁ። ሌላ ተርጓሚ በተቃራኒው ቢወስን አልፈርድበትም።

የአክብሮቱም ጉዳይ እንዲሁ አይታለፍም። እንግሊዝኛው አንድ «ዩ» ብቻ ስላለው አንቺም እርስዎም ነው። አማርኛ ያለ ምርጫ አያልፍም። መጀመሪያ ምጣኔው ይወስንልኛል ብዬ ነበር፤ አልወሰነም። «ፊደል ሳያነቡ አነበቡት ዝናብ» ቢባልም ስድስት ስድስት ይሞላል። ነገር ግን «እርስዎ» የሚለው ቃል ስላልገባ አድማጩ «እነማን ናቸው ያነበቡት?» ሊል ይችላል፤ የአክብሮቱና የብዙ ቁጥሩ ቅርጽ አንድ ነውና። መልሱን ያገኘሁት ከአክስትየዋ ነው፤ «እማማ እያለች፣ አንቺ እያለች ነው ያደገችው» አሉኝ። እኔ ስለ አያትየው ስጽፍ አንቱ ማለቴ፣ ልጅቱ ደግሞ በግጥሟ አንቺ ማለቷ ስለዚህ ነው።

አሁን የጎደለውን ልናገር። ምንጩ ውስጥ ሰማይ ሁለት ጊዜ ነበር፤ በእኔ አንድ ጊዜ ብቻ አለ። «በከንቱ እጠይቃለሁ» የሚለው «ዝም ይለኛል» ሆኗል፤ ዝም የሚል ነገር የተጠየቀ ነገር ነውና መጠየቁ በውስጡ አለ ብዬ ተጽናንቻለሁ። ያልተጽናናሁበት «ሆኖም ቀና እላለሁ» የሚለው ነው። በምንጩ ልጅቱ ከመጽሐፉ ላይ ራሷን ታነሣለች፤ በትርጉሙ አንገቷን እንደደፋች ቀርታለች። ይባስ ብሎ «ሳነብ» የምትለው ቃል ጊዜንም ምክንያትንም ልታመለክት ትችላለች። ሰማዩ ዝም ያለው ልጅቱ ስለምታነብ ነው ብሎ የሚሰማ ሰው ትምህርትን የሚነቅፍ ግጥም ይሰማል። እንግሊዝኛው ይህን አይልም።

ሁለቱን ስንኞች ከነፍቺያቸው ለልጅቱ ላክሁላት። ዝናቡን በማግኘቷ አመስግና፣ ወዲያው «ቀና ማለቴስ?» አለችኝ። ለእርሷ ስል ሁለተኛውን ስንኝ «ቀና ብል ዝም አለኝ ቀኑን ሙሉ ሳነብ» አድርጌ ሞከርሁት። ስድስቱ ቀለም ይሞላል፤ ራሷም ቀና ትላለች። ግን አሁን ሰማዩ ጠፋ፤ ዝም ያለው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ አያትየው ራሳቸው ዝም ያሉ ሊመስል ይችላል። ልጅቱ ይህን ስነግራት ጥቂት ዝም ብላ «እሱም ልክ ነው» አለች። አክስትየዋ በበኩላቸው ሰማይ ያለበትን ይመርጣሉ። በአያትየው ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ ሊጻፍ የታሰበው አንዱ ብቻ ነበር፤ እስካሁን ሁለቱም በእርሳስ ተጽፈው ተቀምጠዋል።